ሱፐርትሬንድ፦ ማባዣውን 2 ላድርገው ወይስ 3?

የትሬንዱን አቅጣጫ በመስመር የሚያሳየውን ሱፐርትሬንድ የተባለ ኢንዲኬተር ቻርቱ ላይ የጫነ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ቁጥር ነው፤ ርዝመት 10 እና ማባዣ 3። አብዛኛው ሰው አይነካቸውም። የሚነካቸውም አንድ መጥፎ ትሬድ ሲገጥመው ነው። መስመሩ ዘግይቶ ተገለበጠበት፤ ተናደደ፤ 3ቱን ወደ 2 አወረደ። ከዚያ 2 ያለ ምክንያት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያስወጣው ደግሞ ወደ 3 ይመልሰዋል። እኔም በዚህ ምልልስ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ።

እዚህ በዋናነት የማነጻጽረው እነዚህን ሁለት ማባዣዎች ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የቅንብሩ ሳይሆን የኢንዲኬተሩ የራሱ ባሕርይ ነው። ለዚያ ደግሞ ሁለት ሌሎች አማራጮችን ከጎኑ አስቀምጣለሁ።

## መስመሩ ከየት ይመጣል?

መሠረቱ ኤቲአር ነው። ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው የዋጋ መዋዠቅ መለኪያ ነው። አንድ ካንድል ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ከፍተኛውን ዋጋ ከዝቅተኛው ጋር ማስተያየት ብቻ አይበቃም። ገበያው ካለፈው መዝጊያ ዘሎ ተከፍቶ ከሆነ ዝላዩም መቆጠር አለበት። ስለዚህ ሦስት ርቀት ይለካል፦ ከከፍተኛው እስከ ዝቅተኛው፣ ካለፈው መዝጊያ እስከ ከፍተኛው፣ ካለፈው መዝጊያ እስከ ዝቅተኛው። ከሦስቱ ትልቁ ይወሰዳል።

ከዚያ ይህ ርቀት በአማካይ ይለሰልሳል። ርዝመቱ 10 ከሆነ ያለፈው ኤቲአር በ9 ይባዛል፣ የአሁኑ ካንድል ርቀት ይደመርበታል፣ ድምሩ ለ10 ይካፈላል። ማለትም አንድ አዲስ ካንድል አማካዩን የሚያንቀሳቅሰው በአንድ አሥረኛ ክብደት ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሱፐርትሬንድ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። የካንድሉን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ደምሮ ለ2 ያካፍላል፤ በኮድ hl2 የሚባለውን መካከለኛ ያገኛል። ከመካከለኛው ላይ 3 ኤቲአር ሲቀንስ የታችኛው መስመር ይወጣል፣ 3 ኤቲአር ሲጨምር የላይኛው። ገበያው ሽቅብ ሲሆን ቻርቱ ላይ የሚታየው የታችኛው ብቻ ነው። ቁልቁል ሲሆን የላይኛው። ሁለቱም ግን ሁልጊዜ ከጀርባ እየተሰሉ ነው።

እስከዚህ ድረስ ተራ ባንድ ነው። ሱፐርትሬንድን ሱፐርትሬንድ የሚያደርገው የመቆለፊያ ሕጉ ነው። የታችኛው መስመር መውጣት ይችላል፤ መውረድ አይችልም። አዲሱ ስሌት ካለፈው ዝቅ ካለ፣ ያለፈው ባለበት ይቆያል፦

```
lower = hl2 - 3 * atr
if lower <= lower_prev and close_prev >= lower_prev:
    lower = lower_prev
```

የላይኛው መስመር የዚህ ግልባጭ ነው፤ መውረድ እንጂ መውጣት አይችልም። ቁልፉ የሚፈታው ያለፈው መዝጊያ ዋጋ መስመሩን አልፎ ከሄደ ብቻ ነው።

መገልበጡም ቀላል ነው። ሽቅብ ላይ እያለን አንድ ካንድል ከታችኛው መስመር በታች ከዘጋ፣ አቅጣጫው ይቀየራል፤ የሚታየው መስመርም ዘሎ ከዋጋው በላይ ይቀመጣል። መዝጋት የሚለውን ቃል አስምሩበት። የካንድሉ ጭራ መስመሩን ነክቶ ቢመለስ ምንም አይቆጠርም።

## 2 እና 3 በአንድ ገበያ ላይ

ቁጥር ሳንይዝ ብንከራከር የትም አንደርስም። አንድ ገበያ ልፍጠርና ሁለቱን ማባዣዎች ጎን ለጎን ላስኬዳቸው። ስሌቱን ለማቅለል የእያንዳንዱ ካንድል ቁመት 2 ነጥብ ነው፤ ዝላይ የለም። ስለዚህ ኤቲአሩም ሁልጊዜ 2 ነው።

ዋጋው በየካንድሉ አንድ አንድ ነጥብ እየወጣ መጥቶ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ማፈግፈግ ጀመረ፦

| ካንድል | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መዝጊያ |
|---|---|---|---|
| ጫፍ | 111 | 109 | 110.5 |
| 1ኛ | 110.5 | 108.5 | 108.8 |
| 2ኛ | 109 | 107 | 107.3 |
| 3ኛ | 107.6 | 105.6 | 105.8 |

የጫፉ ካንድል መካከለኛ 110 ነው። ማባዣው 3 ከሆነ መስመሩ 104 ላይ ነው፤ 2 ከሆነ 106 ላይ። ዋጋው ሲወርድ ሁለቱም እዚያው ተቆልፈው ይጠብቃሉ። 3ኛው ካንድል 105.8 ላይ ሲዘጋ ባለ 2ቱ ተገለበጠ። ባለ 3ቱ ግን ዝም አለ።

አሁን ታሪኩ በሁለት መንገድ ሊቀጥል ይችላል።

በመጀመሪያው መንገድ ማፈግፈጉ እዚያ ያበቃል። ቀጣዮቹ አራት ካንድሎች በ107.2፣ በ108.8፣ በ110.3 እና በ111.8 ይዘጋሉ። ባለ 2ቱ ሲገለበጥ መስመሩ ወደ 110.6 ዘሎ ነበር፤ በቀጣዩ ካንድል ወደ 110.4 ወረደ። ዋጋው 110.3 ላይ ሲዘጋ ለጥቂት ሳተው። በመጨረሻ 111.8 ላይ ወደ ሽቅብ ተመለሰ። ባለ 2ቱን የተከተለ ሰው 105.8 ላይ ሸጦ 111.8 ላይ መልሶ ገዛ። 6 ነጥብ ሄደ፤ ያውም ትሬንዱ ሳይቀየር። ባለ 3ቱን የያዘው ሰው ከቦታው አልተነሳም።

በሁለተኛው መንገድ ውድቀቱ ይቀጥላል። 4ኛው ካንድል 104.3 ላይ ይዘጋል፤ ባለ 3ቱ አሁንም አልተነቃነቀም። 5ኛው 102.7 ላይ ይዘጋል፤ አሁን ተገለበጠ። ባለ 2ቱ በ105.8 ወጥቶ ስለነበር ባለ 3ቱ 3.1 ነጥብ ተጨማሪ ከፍሏል።

እንግዲህ ንጽጽሩ ይሄ ነው። በዚህ ገበያ ባለ 2ቱ ሲሳሳት ዋጋው 6 ነጥብ ነው። ባለ 3ቱ ሲዘገይ 3.1። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ከ2ቱ መስመር በታች ከሚዘጉ ማፈግፈጎች ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ 3ቱን ሳይነኩ ከተመለሱ ሁለቱ ማባዣዎች እኩል ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ከተመለሱ 3 ያዋጣል። ከዚያ በታች ከሆነ 2።

አንድ ሦስተኛ የሚለው ቁጥር የዚህ ምሳሌ ነው፤ ወደ ራሳችሁ ገበያ እንዳለ አትውሰዱት። የሚወሰደው ጥያቄው ነው። ሁለቱንም ማባዣዎች በአንድ ቻርት ላይ ጫኑ። ወደ ኋላ ሂዱና ባለ 2ቱ የተገለበጠባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። ከእነዚያ ውስጥ ባለ 3ቱም ተከትሎ የተገለበጠው ስንቱ ነው? ያልተገለበጠው ስንቱ? በየጊዜው የተከፈለውን ነጥብ ከጎኑ ጻፉ። ሠላሳ አርባ ቦታ ለመቁጠር አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከማንም ሰው የተወሰደ ምርጥ ቅንብር ይህን መቁጠር አይተካም፤ ያ ሰው የቆጠረው የሌላ ገበያ፣ የሌላ የጊዜ ክፈፍ ነውና።

ሳልቆጥር ምረጥ ብባል የምመርጠው 3ን ነው። ምክንያቱም የ2 ስህተት ኪሳራ ብቻ ሳይሆን ድጋሚ የመግባት ውሳኔም ያስከትላል። 105.8 ላይ የሸጠ ሰው 111.8 ላይ መልሶ ለመግዛት እጁ ይከብደዋል። ብዙው ሰው አይገባም፤ የትሬንዱን ቀሪ ክፍል ቁጭ ብሎ ያያል። ያ ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ የለም።

## 3 ኤቲአር ሲባል በእርግጥ 3 ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

በምሳሌው ከጫፉ 111 እስከ መውጫው 102.7 ያለው ርቀት 8.3 ነጥብ ነው። ኤቲአሩ 2 ስለሆነ ይህ ከ4 ኤቲአር በላይ ነው። ትርፉ ከየት መጣ? 1 ነጥቡ መስመሩ የሚለካው ከጫፉ ሳይሆን ከካንድሉ መካከለኛ ስለሆነ ነው። 6ቱ ማባዣው ራሱ ነው። የቀረው 1.3 ካንድሉ እስኪዘጋ የተጠበቀበት ነው፤ መስመሩ 104 ላይ ነበር፣ መዝጊያው ግን 102.7።

ስለዚህ ማባዣ 3ን ስትመርጡ ከጫፍ እስከ መውጫ ወደ 4 ኤቲአር ለመመለስ ፈቃደኛ ናችሁ ማለት ነው። አንድ ትሬንድ በአማካይ 6 ኤቲአር ብቻ የሚሄድበት ገበያ ላይ ከሆናችሁ፣ ሲገቡም ሲወጡም መዘግየት ስላለ የሚተርፍ ነገር የለም።

ከዚህ ሌላም ነገር ይከተላል። ለባለ 3ቱ በጣም መጥፎው ገበያ ጸጥ ያለው ጎንዮሽ ገበያ አይደለም። ቁመቱ 3 ኤቲአር የማይሞላ ሳጥን ውስጥ መስመሩ አይነካም። የሚያስመታው ቁመቱ ከ4 እስከ 5 ኤቲአር የሆነ ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ መስመሩ ጣሪያው አጠገብ ግዛ ይላል፣ ወለሉ አጠገብ ሽጥ። ሁለት ተከታታይ ግልብጦች በዚህ ዓይነት ካጋጠሟችሁ የሳጥኑን ቁመት ለኤቲአር አካፍሉት፤ 4 እና 5 መካከል ከወጣ መልሱን አገኛችሁ።

## ርዝመቱስ? 7፣ 10፣ 14

ከማባዣው ያነሰ ጉዳይ ነው። ርዝመቱ የሚወስነው ኤቲአሩ አንድን ድንጋጤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስታውስ ነው። በርዝመት 10 የአንድ ትልቅ ካንድል ተጽዕኖ በግማሽ የሚቀንሰው ከ7 ካንድል ገደማ በኋላ ነው። በ7 ከ4 እስከ 5 ካንድል ይበቃል። በ14 ደግሞ ከ9 ያልፋል። አጭሩ ቶሎ ይደነግጣል፣ ቶሎም ይረሳል።

ይህ የሚያመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በድንገት ወድቆ በድንገት የሚነሳ ገበያ ላይ። ኤቲአሩ 2 ሳለ አንድ ካንድል ከ106 እስከ 94 ወረደና 94.5 ላይ ዘጋ እንበል። ቁመቱ 12 ነው። በርዝመት 10 ኤቲአሩ በአንድ ጊዜ ከ2 ወደ 3 ይዘላል። መካከለኛው 100 ስለሆነ መስመሩ ተገልብጦ 109 ላይ ይቀመጣል። ከመዝጊያው 14.5 ነጥብ ርቆ!

ቀጣዩ ካንድል 94 እና 99 መካከል ተጉዞ 98.8 ላይ ዘጋ። ኤቲአሩ 3.2 ሆነ፤ መስመሩ 106.1 ላይ ወረደ። ውድቀቱ የጀመረው ከ106 እንደነበር አስታውሱ። መስመሩ አሁን ባለበት፣ ግዛ የሚል ምልክት የሚመጣው ገበያው የወደቀውን ሁሉ መልሶ ከወጣ በኋላ ነው። ማባዣውን ብትቀንሱ ትንሽ ይሻላል እንጂ አይፈታም። ይህ የቅንብር ጉዳይ ሳይሆን የኢንዲኬተሩ ተፈጥሮ ነው፤ ድንጋጤው ራሱ መስፈሪያውን ያሰፋዋል።

አንድ ነገር ግን ለሱፐርትሬንድ ልመስክር። ገዝታችሁ ይዛችሁ ሳለ ኤቲአሩ ቢያብጥ የታችኛው መስመር አይሸሽም። ቁልፉ የሚጠቅመው እዚህ ነው። የሚሰፋው ከተገለበጠ በኋላ ያለው አዲሱ መስመር ነው።

የቁልፉ አስቂኝ ጎንም አለ። ዋጋው ከ110 ወደ 109 ዝቅ ብሎ በዚያው ኤቲአሩ ከ2 ወደ 1.5 ከረጋ፣ አዲሱ ስሌት 104.5 ይሆናል፤ ከቀድሞው 104 ይበልጣል። ዋጋው ወረደ፣ መስመሩ ወጣ። መጀመሪያ ሳየው የፕሮግራም ስህተት መስሎኝ ነበር።

## ሱፐርትሬንድ ወይስ ቻንደሊየር?

ቻክ ለቦ የሠራው ቻንደሊየር ኤግዚት የቅርብ ዘመድ ነው። እሱም 3 ኤቲአር ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ከካንድሉ መካከለኛ ሳይሆን ካለፉት 22 ካንድሎች ከፍተኛ ዋጋ ላይ ነው። በእኛ ምሳሌ 111 ሲቀነስ 6፣ 105 ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ ዝቅተኛው መዝጊያ 105.8 ስለነበር አይነካም። በሁለተኛው ደግሞ 104.3 ላይ ያስወጣል፤ ከባለ 3ቱ ሱፐርትሬንድ አንድ ካንድል ቀድሞ።

እና እሱ ይሻላል? በዚህ ምሳሌ አዎ፤ ግን ምሳሌው ንጹሕ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ካንድል 5 ነጥብ የሚረዝም ጭራ አውጥቶ ቢመለስስ? ቻንደሊየር ከፍተኛውን ዋጋ ስለሚከተል መስመሩ 4.3 ያህል ሽቅብ ይጎተታል፤ ዋጋው ሲመለስ ወዲያው ሊያስወጣችሁ ይችላል። ሱፐርትሬንድ ላይ ግን መካከለኛው በ2.5 ብቻ ይወጣል፤ ኤቲአሩም ስለሚያብጥ መስመሩ በ1 ነጥብ ብቻ ከፍ ይላል። ጭራ የሚበዛበት ገበያ ላይ ሱፐርትሬንድን እመርጣለሁ። ካንድሎቹ ሙሉ አካል ያላቸውና ጭራቸው አጭር ከሆነ ቻንደሊየርን። በተጨማሪ መነሻው ቻንደሊየር ቁልፍ የለውም፤ ኤቲአሩ ሲያብጥ መስመሩ ወደ ታች ሊሸሽ ይችላል። የምትጠቀሙበት ፕላትፎርም ቁልፍ ጨምሮበት እንደሆነ አረጋግጡ።

## ወይስ ተራ ተንቀሳቃሽ አማካይ?

ልዩነቱ በመዘግየቱ ዓይነት ላይ ነው። አማካይ የሚዘገየው በጊዜ ነው፤ ሱፐርትሬንድ የሚዘገየው በርቀት ነው።

ከዚያው ከ110 ጫፍ ዋጋው በየካንድሉ 0.2 ብቻ እየተንሸራተተ ይውረድ። ባለ 3ቱ ሱፐርትሬንድ 104ን ለመስበር ከ30 ካንድል በላይ ይጠብቃል። የ20 ካንድል አማካይ ግን 12ኛው ካንድል ላይ፣ ዋጋው 107.6 አካባቢ ሳለ ይቆረጣል። አሁን ገልብጡት፤ ዋጋው በአንድ ካንድል ከ110 ወደ 103 ይውደቅ። ሱፐርትሬንድ በዚያው ካንድል ይገለበጣል። አማካዩ በዚህ ጊዜ 101 አካባቢ ስለሆነ ገና ሽቅብ ነን ይላችኋል።

ስለዚህ የምትነግዱበት ገበያ ጫፉን የሚሠራው በዝግታ እየተንሸራተተ ከሆነ አማካይ ይቀድማል። በድንገት የሚሰበር ከሆነ ሱፐርትሬንድ። ሁለቱንም አድርጌ መጀመሪያ የተገለበጠውን እከተላለሁ የሚሉ አሉ፤ እንዲያ ሲሆን ግን የሁለቱንም የሐሰት ምልክት መውሰድ ነው።

## ካንድሉ ሳይዘጋ መግባት

ይህ ምርጫ አይመስልም፤ ግን ነው። ካንድሉ ገና ክፍት ሳለ ሱፐርትሬንድ በየቅጽበቱ በአሁኑ ዋጋ ይሰላል። ቀለሙ ይቀየራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀየራል። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ሲሆን ዘልዬ ገባሁ፤ ካንድሉ ሲዘጋ ቻርቱ ላይ ምልክት የሚባል ነገር አልነበረም። ኋላ ቻርቱን ያየ ሰው ምን አይቶ ገባ ይለኛል።

ለመግባት መዝጊያውን ጠብቁ። ለመውጣት ግን ነገሩ የተለየ ነው። መስመሩ ላይ የስቶፕ ትዕዛዝ ብታስቀምጡ በሁለተኛው መንገድ በ102.7 ፈንታ 104 አካባቢ ትወጡ ነበር፤ ያቺን 1.3 ታድኗታላችሁ። በምትኩ መስመሩን ነክቶ በሚመለስ ጭራ ሁሉ ትወጣላችሁ። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በየትኛው ሕግ እንደቆጠራችሁ ያዙ፤ በመዝጊያ ቆጥሮ በስቶፕ መነገድ ሌላ ስትራቴጂ ነው።

በመጨረሻ ኮድ ለሚጽፉ። ፓይን ስክሪፕት ላይ ማባዣው ይቀድማል፣ ርዝመቱ ይከተላል፤ ቅንብር ሳጥኑ ላይ ከምታዩት 10 እና 3 ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነው። የአቅጣጫው ምልክትም ከጠበቃችሁት ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽቅብ ሲሆን -1 ይመልሳል፦

```
[st, dir] = ta.supertrend(3, 10)
upTrend = dir < 0
```

ሁለት ፕላትፎርም በአንድ ቅንብር የተለያየ መስመር ካሳዩአችሁ መጀመሪያ ኤቲአሩን እንዴት እንደሚያለሰልሱ እዩ። አንዱ የዋይልደርን ዘዴ፣ ሌላው ተራ አማካይን ሊጠቀም ይችላል። እሱ አንድ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ከስንተኛው ካንድል እንደጀመረ ተመልከቱ። ቁልፉ ያለፈውን መስመር ስለሚሸከም፣ መነሻው ሲለያይ የመጀመሪያዎቹ ግልብጦችም ይለያያሉ። ፓይን ስክሪፕት ኤቲአሩ እስኪሞላ ድረስ ቁልቁል ነን ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ በቻርቱ ግራ ጠርዝ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ምልክት ከቆጠራው አውጡት።